በመድኃኒት ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ከተጻፉ ቋንቋዎች መካከል ዓምድዎን ለይቶ መያዝ

ልጅዎ ሲያተኩሰው የሚሰጡትን ሽሮፕ ከነካርቶኑ አምጥተው ከፊትዎ ያስቀምጡና ይህን ጽሑፍ ያንብቡ። እዚህ አሜሪካ ከተገዛ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ በሌላ በኩል ስፓኒሽ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። ዘመድ ከካናዳ ያመጣልዎ ከሆነ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሆነ አረብኛና እንግሊዝኛ ያገኙበታል። ከቤልጅየም የመጣ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ወረቀት በደች፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። አማርኛ ግን ብዙ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምናነበው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋችን ነው፤ ያም ቋንቋ ከማናውቀው ሌላ ቋንቋ ጋር ተጣብቆ በትንንሽ ፊደል ታትሟል።

እኔ አገር ቤት የተማርኩት ነርስነት ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ በሆስፒታልና በስልክ የሕክምና አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። የሚከተለውን ያየሁት በስልክ ሥራዬ ላይ ነው።

«ሊብራስ» ያለችው እናት

አንዲት እናት ማታ ላይ ወደ ነርስ የምክር መስመር ደወለች። ወንድ ልጇ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ ክብደቱ 13 ኪሎ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያተኩሰዋል። ነርሷ የትኛውን መድኃኒት፣ ምን ያህል፣ ስንት ጊዜ እንደሰጠችው ጠየቀቻት፤ እኔም አስተረጎምኩ። እናትየው የልጆች አሴታሚኖፌን ሽሮፕ፣ ሰባት ተኩል ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ አለች። ነርሷ ዝም አለች። ከዚያ «ካርቶኑ ላይ ያለውን እንዳለ ታንብብልኝ» አለችኝ።

እናትየው ትንሽ ተቆጣች። «እህቴ፣ እኔ እኮ ከራሴ አላመጣሁም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የሰጠሁት» አለችኝና ማንበብ ጀመረች፤ «ሃያ አራት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሊብራስ...»

«ሊብራስ» የስፓኒሽ ቃል ነው፤ ፓውንድ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ዓምድ ላይ ቢሆን ኖሮ ለፓውንድ የሚጻፉትን «ኤል-ቢ» የሚባሉትን ሁለት ፊደሎች ነበር የምታነበው። አስተርጓሚ የራሱን ምክር አይሰጥም፤ ስለዚህ ያየሁትን ለሁለቱም በየቋንቋቸው ነገርኳቸው፦ ክብደቱን ያነበበችው ከስፓኒሹ በኩል ይመስላል። ነርሷ አንድ በአንድ አስነበበቻትና ነገሩ ግልጽ ሆነ። እናትየው የልጇን ክብደት ያገኘችው በቀኝ፣ በስፓኒሹ ዓምድ ነው። ከዚያ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ለማየት ዓይኗን ወደምታውቀው ቋንቋ፣ ወደ ግራ መለሰችው። በቀጥታ ወደ ግራ ስትሄድ የደረሰችበት መስመር ግን የልጇ አልነበረም። ከእሱ የሚከብድ ልጅ መስመር ነው።

ነርሷ የልጁን ክብደት፣ የሰጠችውን መጠንና ሰዓቱን ይዛ አስልታ ልጁ አደጋ ላይ እንዳልሆነ ነገረቻት፤ ቀጣዩን መቼና ምን ያህል እንደምትሰጠውም አስረዳቻት። በዚያ መስመር ለሦስት ቀን ብትቀጥል ግን መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ስህተቱ ከየት መጣ?

በአሜሪካ በሚሸጠው፣ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 160 ሚሊ ግራም አሴታሚኖፌን ባለው የልጆች ሽሮፕ ላይ ያለው ሰንጠረዥ እንዲህ ይላል፦

ከ24 እስከ 35 ፓውንድ፣ ከ2 እስከ 3 ዓመት፦ 5 ሚሊ ሊትር
ከ36 እስከ 47 ፓውንድ፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት፦ 7.5 ሚሊ ሊትር
ከ48 እስከ 59 ፓውንድ፣ ከ6 እስከ 8 ዓመት፦ 10 ሚሊ ሊትር

ከዚያ በላይም ይቀጥላል። ከ24 ፓውንድ በታች ወይም ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ካርቶኑ መጠን አይነግርዎትም፤ ሐኪም ይጠይቁ ይላል።

የዚያች እናት ልጅ 13 ኪሎ ነው። ኪሎን ወደ ፓውንድ ለመለወጥ በ2.2 ያባዙ፤ 28.6 ፓውንድ ይመጣል። ስለዚህ የእሱ የመጀመሪያው መስመር ነው፤ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 160 ሚሊ ግራም። የሰጠችው 7.5 ሚሊ ሊትር ግን 240 ሚሊ ግራም ነው። ካርቶኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 5 ጊዜ ይላል። በትክክለኛው መስመር በቀን ቢበዛ 800 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በተሳሳተው መስመር 1,200 ይደርሳል። አሴታሚኖፌን ሲበዛ የሚጎዳው ጉበትን ነው። ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ልጁ ለአንድ ቀን ያህል ደህና መስሎ ሊውል ይችላል።

አሁን ካርቶኑን ይመልከቱ። ስፓኒሽ አንድን ነገር ለመናገር ብዙውን ጊዜ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ከሰንጠረዡ በላይ ያለው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በስፓኒሹ በኩል ይረዝምና ሰንጠረዡን ወደ ታች ይገፋዋል። በግራ ያለው የመጀመሪያ መስመርና በቀኝ ያለው የመጀመሪያ መስመር በአንድ ከፍታ ላይ አይውሉም። የስፓኒሹ «ከ24 እስከ 35» ጎን ለጎን የሚገናኘው ከእንግሊዝኛው «ከ36 እስከ 47» ጋር ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ጠባብ ስለሆነ፣ ሁለቱ ዓምዶች እንደ አንድ ሰፊ ሰንጠረዥ ይታያሉ።

ይህ የሚደርሰው ማንበብ በማይችል ሰው ላይ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ቁጥር ቶሎ የሚያነብ ሰው ላይ ይበዛል። ቁጥሩ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይናችን ቁጥሩን እንጂ ቋንቋውን አይፈልግም። ሌሊት፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ በደብዛዛ መብራት ሲሆን ደግሞ ማናችንም ከዚህ አናመልጥም።

ዓምዱን እንዴት ይይዙታል?

ከቁጥሩ አይጀምሩ። ከአናቱ ይጀምሩ። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጥ መድኃኒት ካርቶን ላይ በሕግ የተወሰነ ቅደም ተከተል አለ፦ መጀመሪያ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገርና መጠኑ፣ ከዚያ የሚሠራው ሥራ፣ ከዚያ ለምን ለምን ሕመም እንደሚሰጥ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያው፣ ከዚያ አወሳሰዱ ይመጣል። ስፓኒሹ ትርጉም ስለሆነ ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። አንዱን ዓምድ ከአናቱ ይዘው እስከ ታች ከወረዱ ሁሉንም በዚያው ዓምድ ውስጥ ያገኙታል፤ ወደ ጎን መሻገር አያስፈልግዎትም።

እንግሊዝኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ትንንሾቹን ቃላት ይፈልጉ። በእንግሊዝኛ ውስጥ በየመስመሩ የሚደጋገመው ቲ፣ ኤች፣ ኢ ተብሎ የሚጻፈው ቃል ነው። ይህ ቃል በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛም ሆነ በጀርመንኛ የለም። በስፓኒሽ ውስጥ ደግሞ ዲ እና ኢ ብቻ ያሉት ቃል በየቦታው ይታያል፤ ኤን በሚባለው ፊደል አናት ላይም አንዳንዴ ትንሽ የተጠማዘዘች ሰረዝ ትቀመጣለች። እንዲህ ያለችውን ሰረዝ ኤን ላይ ካዩ ያ የእንግሊዝኛው ዓምድ አይደለም።

ዓምዱን ካገኙ በኋላ ሌላውን ይሸፍኑት። ቀላሉ መንገድ ያ ነው። ፖስታ፣ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ፣ ምንም ወረቀት ይሁን፣ ጫፉን በሁለቱ ዓምዶች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ። አሁን የሚታይዎት አንድ ቋንቋ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ወረቀት ወስደው ከልጅዎ የክብደት መስመር በታች አግድም ያስቀምጡ። የሚቀርዎት አንድ ክብደትና አንድ መጠን ነው። ካርቶኑ የእርስዎ ነውና በእስክሪብቶ ማክበብም ይችላሉ፤ ሌሊት እንደገና ሲነሱ ከሀ አይጀምሩም። ባለቤትዎ ወይም አያት የሚሰጡት ከሆነም ያው ክብ ይመራቸዋል።

በመጨረሻ የሸፈኑትን ገልጠው ሌላውን ዓምድ ብቻውን ይመልከቱ። አሁን ስፓኒሹን አለማወቅዎ ችግር አይሆንም። በስፓኒሹ በኩል ያንኑ ክብደት ይፈልጉና እዚያው ዓምድ ውስጥ ከጎኑ ያለውን መጠን ያንብቡ። በእንግሊዝኛው 24 እስከ 35 ላይ 5 ካለ፣ በስፓኒሹም 24 እስከ 35 ላይ 5 መሆን አለበት። ሁለቱ ከተስማሙ ትክክል አንብበዋል። ካልተስማሙ አንዱ ቦታ ላይ መስመር ስተዋል ማለት ነው፤ መድኃኒቱን ሳይሰጡ እንደገና ያንብቡ ወይም ፋርማሲ ይደውሉ።

ሃያ ቋንቋ ያለው ወረቀት ሲያጋጥም

የደም ግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያ ወይም የስኳር መለኪያ ሲገዙ ከውስጡ እንደ ጋዜጣ የታጠፈ ወረቀት ይወጣል። እዚህ ላይ ቋንቋዎቹ ብዙ ስለሆኑ በሁለት በሁለት ፊደል ብቻ ይጠቆማሉ። ፊደሎቹ የሚወሰዱት ከቋንቋው ስም ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ እኛ ከምንጠራው ስም አይደለም። ኢ እና ኤን ካዩ እንግሊዝኛ ነው። ኢ እና ኤስ ካዩ ግን ስፓኒሽ ነው፤ ስፔኖች ቋንቋቸውን «ኤስፓኞል» ስለሚሉት ነው። ሁለቱም በኢ ስለሚጀምሩ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፊደል አይቶ ይገባበታል። ዲ እና ኢ ጀርመንኛ፣ ኤ እና አር አረብኛ፣ አይ እና ቲ ጣልያንኛ ናቸው።

አንድ አባት የደም ግፊት መለኪያቸውን ወረቀት ይዘው መጥተው «የኢትዮጵያውን አግኝቼዋለሁ፤ ግን አማርኛውን በላቲን ፊደል ስለጻፉት አልገባኝም» አሉኝ። ያሳዩኝ ኢ እና ቲ የሚሉትን ፊደሎች ነው። እውነት ነው፣ ለአገር ሲሆን እነዚህ ሁለት ፊደሎች የኢትዮጵያ ናቸው። ለቋንቋ ሲሆን ግን ኢስቶንያኛን ያመለክታሉ። እኚህ ሰው ማታ ማታ ኢስቶንያኛ ሲያነቡ ከርመዋል! አብረን ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው መጣ፤ የእጅ ማሰሪያውን በየት በኩል አስረው ሲለኩ ነበር? የሐኪማቸው ረዳት ማሰሪያውን እንደገና አሳሰረቻቸው።

የአማርኛ ምልክት ኤ እና ኤም ነው። ይሁንና እነዚሁ ፊደሎች ከሰዓት አጠገብ ከተጻፉ ጠዋት ማለት ናቸው፤ «ስምንት ኤ-ኤም» ቢል በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ስምንት፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ነው። አማርኛ በእርግጥ ካለ በፊደላችን ስለሚጻፍ በአንድ እይታ ያውቁታል። ፊደላችንን ካላዩ ምልክቱን መፈለግ አያስፈልግም።

ባንዲራም አያስተማምንም። የእንግሊዝን ባንዲራ ያደረገው ወረቀት ለእንግሊዝ ነዋሪ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ለማለት ነው። እዚያው ሥር ያለው የስልክ ቁጥር ግን የእንግሊዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን የእርዳታ ስልክ ከመደወልዎ በፊት የየት አገር እንደሆነ ይመልከቱ።

ቃሉን ያወቁት ሲመስልዎት

ዓምድ የሚያስት ሌላም ነገር አለ፤ በሁለት ቋንቋ አንድ ዓይነት ሆኖ ተጽፎ ትርጉሙ የሚለያይ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ኦ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኢ ተብሎ ሲጻፍ «ዋንስ» ይባላል፤ አንድ ጊዜ ማለት ነው። በስፓኒሽ በእነዚሁ አራት ፊደሎች ሲጻፍ «ኦንሴ» ይባላል፤ ትርጉሙም አሥራ አንድ ነው። ይህን የምናውቀው ከስፓኒሽ አስተርጓሚ ባልደረቦቻችን ነው፤ በእንግሊዝኛ «በቀን አንድ ጊዜ» የተባለውን የእነሱ ታካሚ አሥራ አንድ ጊዜ ብሎ እንዳያነበው ሁልጊዜ ያስጠነቅቃሉ። ለእኛ ሰው አደጋው በተቃራኒው ነው። በስፓኒሹ ዓምድ ውስጥ የልጅን ዕድሜ የሚናገረውን ቃል «አንድ ጊዜ» ብለን ልናነበው እንችላለን።

የባሰው የጀርመንኛው ነው። ጂ፣ አይ፣ ኤፍ፣ ቲ በእንግሊዝኛ «ጊፍት»፣ ስጦታ ነው። በጀርመንኛ ግን መርዝ ማለት ነው። በአውሮፓ የተሠራ የጽዳት ፈሳሽ ላይ ይህን ቃል ከስልክ ቁጥር ጋር ካዩ፣ ልጅ ቢጠጣው የሚደወልበትን የመርዝ መረጃ መስመር እያሳዩዎት ነው እንጂ ሽልማት የለውም።

ነጥብና ኮማ

በአውሮፓ በሚታተሙ በብዙዎቹ ወረቀቶች ላይ፣ በፈረንሳይኛው፣ በጀርመንኛውና በጣልያንኛው ዓምድ ሁለት ተኩል የሚጻፈው 2 ከዚያ ኮማ ከዚያ 5 ተደርጎ ነው፤ እንዲህ፦ 2,5። በእንግሊዝኛው ዓምድ ያው ቁጥር 2.5 ይሆናል። ኮማዋ ደብዝዛ ከታተመች ወይም ካላስተዋሏት 25 ይመስላል፤ ያ ማለት አሥር እጥፍ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በጀርመንኛውና በጣልያንኛው ዓምድ 1.000 ሚሊ ግራም የተባለው አንድ ሚሊ ግራም አይደለም፤ አንድ ሺህ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ዓምዶች አንዱን የሚያነቡ ከሆነ ቁጥሩን በእንግሊዝኛው በኩል ካለው ጋር ያስተያዩ። ከሽሮፑ ጋር የመጣው መስጫ ሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ ሆኖ እርስዎ 25 ካነበቡ፣ ሲሪንጁ ራሱ ተሳስተዋል እያለዎት ነው።

አረብኛ ለሚያውቁ

ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ የሠሩ እህቶቻችን አረብኛን ከእንግሊዝኛ በተሻለ ይናገራሉ። አረብኛ ያለበት ማሸጊያ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። መናገርና ማንበብ ግን የተለያዩ ናቸው። አረብኛውን አቀላጥፈው የማያነቡ ከሆነ ቃላቱን በከፊል አውቀው ቁጥሩን በግምት ከማንበብ፣ እንግሊዝኛውን ቀስ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

አረብኛ የሚያነቡም ቢሆኑ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ በአረብኛው በኩል ሰንጠረዡ ተገልብጦ ነው የሚታተመው፤ በእንግሊዝኛው ከግራ የሚጀምረው የዕድሜ ረድፍ በአረብኛው ከቀኝ ይጀምራል። ከአረብኛው ወደ እንግሊዝኛው ዓይንዎን ካሻገሩ ዕድሜውን ከመጠኑ ጋር ሊያምታቱት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በአረብኛ አኃዝ አምስት ቁጥር እንደ ትንሽ ክብ ነው፤ የእኛን ዓይን ዜሮ ያስመስለዋል። የእነሱ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሃምሳ በአረብኛ አኃዝ ሲጻፍ ክብና ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ለማያውቀው ሰው ዜሮና ነጥብ ነው። አንዳንዱ ማሸጊያ በአረብኛው በኩልም የተለመደውን አኃዝ ይጠቀማል፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ይዩ።

ከውጭ በመጣ ሽሮፕ ላይ ሌላም መዘዝ አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእንግሊዝ የእንግሊዝኛው ዓምድ «ፓራሲታሞል» ይላል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ «አሴታሚኖፌን» ይላል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። ፓናዶል ፓራሲታሞል ነው፣ ታይሌኖል አሴታሚኖፌን ነው፤ ሁለቱን ሁለት መድኃኒት መስሎዎት ለአንድ ልጅ ከሰጡት እጥፍ ሰጥተዋል። ውፍረታቸውም አንድ አይደለም። ከእነዚያ አገሮች የሚመጣው የሕፃናት ሽሮፕ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ነው፣ የእዚህኛው 160። ስለዚህ ከአንዱ ካርቶን ያነበቡትን ሚሊ ሊትር በሌላው ጠርሙስ አይስጡ።

የትኛውም ዓምድ የእርስዎ ካልሆነ

መድኃኒቱን የገዙበትን ፋርማሲ ይጠይቁ። ስልክ ላይ «አምሃሪክ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል፤ ብዙ ፋርማሲዎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ፣ ለእርስዎም በነጻ ነው። ካርቶኑ በእጅዎ ይሁን። ፋርማሲስቱ የሚጠይቅዎት ሦስት ነገር ነው፦ በዋናው ንጥረ ነገር መስመር ላይ ያለው ስም፣ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ የልጁ ክብደት። ስሙን ማንበብ ካቃትዎት ፊደል በፊደል ይንገሩት።

ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጅዎን ግን አያስተርጉሙት። እንግሊዝኛው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የአሥር ዓመት ልጅ መስመር ቢስት የሚሸከመው ነገር ከዕድሜው በላይ ነው። በስልክ ካሜራ የሚተረጉሙ ከሆነም አንዱን ዓምድ ሸፍነው ፎቶ ያንሱ፤ ሁለቱን ዓምዶች አንድ ላይ ሲያነሱ መስመሮቹን ቀላቅሎ ሊያወጣቸው ይችላል።

ከተገቢው በላይ እንደሰጡ ከጠረጠሩ ልጁ ደህና ቢመስልም ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። በአሜሪካ የመርዝ መቆጣጠሪያ መስመር 1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ በነጻ ነው፣ አስተርጓሚ ያቀርባል። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም አልነቃ ካለ 911 ይደውሉ። ሲደውሉ ጠርሙሱን፣ ካርቶኑንና የሰጡበትን ሰዓት የጻፉበትን ወረቀት ከፊትዎ ያድርጉ፤ ያነበቡትንም መስመር እንዳነበቡት፣ ስህተት ቢሆንም ሳያስተካክሉ ይንገሯቸው።